ያወረዱት ሥዕል ንጹሕ መሆኑ ስለ ላኩት ፎቶ ምንም አይናገርም

ጥያቄ፦ «ፎቶን ወደ ዘይት ቅብ ሥዕል የሚቀይር አንድ ድረ ገጽ ላይ የልጆቼን ፎቶ ጫንሁ። ቤታችን ውስጥ በስልኬ ያነሣሁት ነው። የተሠራውን ሥዕል አውርጄ ስመረምረው የቦታ መረጃ የሚባል ነገር የለበትም። ታዲያ ድረ ገጹ አጥፍቶታል ማለት ነው? ወይስ ከመጫኔ በፊት እኔው ማጥፋት ነበረብኝ? ዋናው ፎቶስ አሁን የት ነው ያለው?»

ምላሽ፦ ከመጫንዎ በፊት እርስዎ ማጥፋት ነበረብዎት። ያወረዱት ሥዕል ላይ የቦታ መረጃ አለመኖሩ ድረ ገጹ ለእርስዎ ተጠንቅቆ ያጠፋው ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይደለም። ያወረዱት ሥዕልና የላኩት ፎቶ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። የመረመሩት ሥዕሉን ነው፤ ጥያቄው ግን ስለ ፎቶው ነው። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር።

ስልክዎ ያነሣው ፎቶ በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ምስሉ ራሱ ነው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን። ሁለተኛው ከምስሉ በፊት በፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ የሚቀመጥ ኤክዚፍ የሚባል የጽሑፍና የቁጥር መዝገብ ነው። የስልኩ ዓይነት፣ ፎቶው የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ የሌንሱ ሁኔታ፣ የስልኩ ካሜራ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለትም ኬክሮስና ኬንትሮስ እዚያ ይጻፋሉ። ፎቶን ወደ ሥዕል የሚቀይረው ፕሮግራም የሚፈልገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ፋይሉን ይከፍታል፣ ነጥቦቹን ያወጣል፣ ብዙ ጊዜም ምስሉን ያሳንሰዋል፤ ከዚያ በሠለጠነ ሞዴል ውስጥ አሳልፎ ፈጽሞ አዲስ ምስል ይሠራል። ይህ አዲስ ምስል ሲቀመጥ አዲስ ፋይል ይሆናል። ማንም ሆን ብሎ ካልገለበጠለት በስተቀር ከአሮጌው መዝገብ ምንም አይወርስም። ስለዚህ የእርስዎ ሥዕል ንጹሕ የሆነው ከአሠራሩ የተነሣ ነው። የላኩት ፎቶ ግን መዝገቡን እንደያዘ ሰርቨሩ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ያ ፋይል የሄደበትን መንገድ እንከተል። በድረ ገጹ ላይ ፎቶውን ሲመርጡ፣ ብዙ ጊዜ «ጀምር» የሚለውን ሳይጫኑ ገና ከመረጡበት ቅጽበት ጀምሮ፣ ፋይሉ መላክ ይጀምራል። በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያየው ይመሰጠራል፤ ይህ ምስጠራ ግን ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ይፈታል። ከዚያ ፋይሉ ብዙ ጊዜ እንዳለ፣ አንድም ባይት ሳይነካ፣ በፋይል ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል። ማከማቻው አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጹ ባለቤት ንብረት አይደለም፤ ከትልልቅ የክላውድ ድርጅቶች የተከራየው ነው። ሥዕሉን የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ውድ ስለሆኑ ሥራው ወረፋ ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ አንዱ ኮምፒውተር ከማከማቻው ቅጂ ያነሣል፣ ይሠራል፣ ውጤቱን መልሶ ማከማቻው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ለእርስዎም የማውረጃ አድራሻ ይሰጥዎታል። በዚህ ሁሉ መካከል ዋናውን ፋይል «አጥፋ» የሚል ትእዛዝ የሚመጣው አንድ ባለሙያ አስቦ ከጻፈው ብቻ ነው። ካልተጻፈ ፋይሉ ይቀመጣል። ማከማቻ ርካሽ ስለሆነ መርሳቱ ለማንም አይጎረብጥም።

ማስቀመጡ ሁልጊዜ ከክፋት የመነጨ እንዳልሆነም መናገር ተገቢ ነው። በ2019 ፌስአፕ የሚባለው ፊትን የሚያስረጅና የሚለውጥ መተግበሪያ ብዙ ጥያቄ ሲነሣበት ድርጅቱ የሰጠው መልስ ይህን ያሳያል። ሰው በአንድ ፎቶ ላይ ሌላ ለውጥ በሞከረ ቁጥር እንደገና እንዳይጭን ፎቶውን ለተወሰነ ጊዜ እንደሚያቆይ፣ አብዛኞቹ ፎቶዎችም ከተጫኑ በ48 ሰዓት ውስጥ ከሰርቨሮቹ እንደሚጠፉ ገለጸ። ምክንያቱ አሳማኝ ነው። በዚያው ጊዜ የአጠቃቀም ውሉ ግን ለድርጅቱ ዘላለማዊ፣ የማይሻርና ያለ ክፍያ የሆነ የመጠቀም ፈቃድ ይሰጥ ነበር። «አብዛኞቹ» የሚለውን ቃልና ይህን ፈቃድ ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። አንድ ድርጅት የሚያደርገውና እንዲያደርግ የፈቀዱለት ነገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። በውሉ ውስጥ መፈለግ ያለብዎት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የተጫነው ዋና ፎቶ የሚጠፋበት ጊዜ በሰዓት ወይም በቀን መጻፉ፣ እንዲሁም ፎቶው ሞዴል ለማሠልጠን ይውል እንደሆነ። ስለ ውጤቱ ብቻ የሚናገርና ስለ ዋናው ፎቶ ዝም የሚል ውል የሚያስተማምን ውል አይደለም።

የተጻፈ ቃልም ቢሆን ሊፈርስ ይችላል። የፎቶ ማከማቻ መተግበሪያ የነበረው ኤቨር መለያቸውን የዘጉ ሰዎችን ፎቶዎች እንደሚያጠፋ ቃል ገብቶ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2021 ባሰማው ክስ ግን ፎቶዎቹን እንዳላጠፋና እንዳቆያቸው ገለጸ። ስምምነቱ ፎቶዎቹን ብቻ ሳይሆን በተጠቃሚዎች ፎቶ የተሠሩትን የፊት መለያ ሞዴሎች ጭምር እንዲያጠፋ አስገደደው። ኤቨር ሥዕል የሚሠራ አገልግሎት አልነበረም፤ ነገር ግን ከውጭ ሆነው መጥፋቱን ማረጋገጥ የማይችሉበት ሁኔታ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ለዚህ ነው ጥንቃቄው ፋይሉ ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት መሆን ያለበት።

የቦታ መረጃው ምን ያህል እንደሚናገር በዓይን ማየት ይሻላል። ኤክዚፍን ለማንበብ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነፃ ፕሮግራም ኤክዚፍቱል ነው፤ በኮምፒውተርዎ ላይ ስለሚሠራ ፎቶው ወደ የትም አይላክም። ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
exiftool -a -G1 -s "-gps*" foto.jpg
```

የእርስዎን ቤት ማስላት ስለማይገባ በሁሉም ዘንድ በሚታወቅ ቦታ፣ በፓሪሱ የአይፍል ግንብ አጠገብ እንደተነሣ የታሰበ ፎቶ እንውሰድ። ከሚወጡት መስመሮች ዋናዎቹ እንዲህ ይመስላሉ፦

```
[GPS] GPSLatitudeRef       : North
[GPS] GPSLatitude          : 48 deg 51' 29.60"
[GPS] GPSLongitudeRef      : East
[GPS] GPSLongitude         : 2 deg 17' 40.20"
[GPS] GPSImgDirection      : 137
[GPS] GPSHPositioningError : 4.7 m
```

ኬክሮሱ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ተጽፏል። አንድ የኬክሮስ ሰከንድ በመሬት ላይ 31 ሜትር ያህል ነው፤ እዚህ ደግሞ የሰከንድ መቶኛ ድረስ ተጽፏል፣ ይህም 30 ሳንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ስልኩ ራሱ ያን ያህል አያውቅም። የመጨረሻው መስመር ስሕተቱ ወደ 5 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ይነግረናል። ቤት ውስጥ ሲሆኑ ስሕተቱ ይሰፋል፤ ሆኖም ሕንጻውን ወይም አጥሩን ለመለየት ብዙ ጊዜ በቂ ነው። አምስተኛውን መስመር ልብ ይበሉ። ካሜራው ከሰሜን በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ 137 ዲግሪ ዞሮ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተመልክቶ እንደነበረ ይናገራል። በፎቶው ላይ መስኮት ከታየ፣ መስኮቱ የሚያይበትን አቅጣጫ ይህ ቁጥር ይጠቁማል። በዚህ ላይ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ቀንና ሰዓት ይጨምሩ፤ ልጆቹ በስንት ሰዓት የት እንደሚገኙ የሚያሳይ አንድ መስመር ሆነ። ከአንድ ሰው ብዙ ፎቶዎች ከተሰበሰቡ ደግሞ ቤት፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ቦታ ተለይተው ይወጣሉ።

ይህ በጽንሰ ሐሳብ ብቻ የቀረ ጉዳይ አይደለም። በታኅሣሥ 2012፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የቤሊዝ ፖሊስ ሊጠይቀው ይፈልገው የነበረው የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ሠሪው ጆን ማካፊ ተሰውሮ ሳለ ቫይስ የተባለው የዜና አውታር ከእርሱ ጋር የተነሣ ፎቶ አወጣ። ፎቶው በአይፎን የተነሣ ሲሆን የቦታ መረጃው አልጠፋም ነበር። አንባቢዎች መዝገቡን ከፍተው በጓቲማላ መሆኑን ወዲያው አወቁ። በሙያቸው መረጃ የሚይዙ ሰዎች ያለፉትን እኛ ብናልፈው አያስደንቅም።

ወደ እርስዎ ፎቶ እንመለስ። አንድ ድረ ገጽ ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ይልክ እንደሆነ ራስዎ ማወቅ ይችላሉ። በኮምፒውተር ብራውዘር ላይ F12 ይጫኑ፤ Network የሚለውን ክፍል ይክፈቱ፤ ከዚያ ለማንም ቢታይ የማያሳስብዎትን፣ ለምሳሌ የግድግዳ ፎቶ፣ ይምረጡ። በዝርዝሩ ውስጥ POST ወይም PUT የሚል መስመር ብቅ ሲል ይጫኑትና Request Headers ከሚለው ሥር Content-Length የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ የተላከው መረጃ መጠን በባይት ነው። ፎቶው 4.2 ሜጋባይት ሆኖ የተላከውም ትንሽ ብቻ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ፋይሉ እንዳለ ሄዷል። አንዳንድ ድረ ገጾች ፋይሉን ወደ ጽሑፍ ፊደላት ቀይረው ስለሚልኩ መጠኑ በሢሶ ያድጋል፤ 4.2 የነበረው 5.6 ሜጋባይት ያህል ከሆነም ትርጉሙ ያው ነው። በተቃራኒው ወደ 300 ኪሎባይት የሚሆን ብቻ ከተላከ ብራውዘሩ ፎቶውን እዚያው አሳንሶ እንደገና ስሎታል ማለት ነው። እንደገና የተሳለ ምስል መዝገቡን ስለሚጥል የቦታ መረጃው ያኔ አልተላከም፤ የልጆቹ ፎቶ ሲሆን ግን ፊታቸው ይላካል። «ጀምር» ብለው ሥዕሉ ተሠርቶም ምንም ትልቅ ነገር ካልተላከ ሥራው በራስዎ መሣሪያ ላይ እየተከናወነ ነው።

የስልክ መተግበሪያ ከሆነ ፈተናው ይቀላል። ስልኩን ከኢንተርኔት ፈጽሞ ያላቅቁትና ሥዕሉን እንዲሠራ ያዙት። ከሠራ፣ ሥራው በስልኩ ውስጥ ነው። ይህ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም፤ በ2016 ዝነኛ የነበረው ፕሪዝማ መጀመሪያ ሁሉንም በሰርቨር ይሠራ ነበር፣ በዚያው ዓመት ግን አንዳንድ የሥዕል ስልቶቹን ያለ ኢንተርኔት በአይፎን ላይ እንዲሠሩ አደረገ። ፎቶው ጨርሶ ከስልክዎ የማይወጣበት አማራጭ ካለ እኔ ሁልጊዜ እርሱን አስቀድማለሁ። ፈተናው የሚነግርዎት ግን የዚያን ቅጽበት አሠራር ብቻ ነው፤ መተግበሪያው ኢንተርኔት ሲያገኝ ሌላ ነገር ይልክ እንደሆነ አይናገርም።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። በአይፎን ላይ ፎቶውን መርጠው የማጋሪያውን ምልክት ሲነኩ ከላይ Options የሚል ጽሑፍ ይታያል። እርሱን ከፍተው Location የሚለውን ያጥፉና ፎቶውን በ Save to Files ያስቀምጡት። ወደ ድረ ገጹ የሚጭኑት ከፎቶ ማኅደሩ ሳይሆን እዚያ የተቀመጠውን ቅጂ ነው። ይህ የሚያጠፋው ቦታውን ነው፤ ቀንና የስልክ ዓይነት ሊቀሩ ይችላሉ። በአንድሮይድ ላይ ስክራምብልድ ኤክዚፍ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ ፎቶውን ወደ እርሱ ሲያጋሩ መዝገቡን ገፎ ንጹሕ ቅጂ ያቀብላል። የካሜራውን የቦታ ምዝገባ ከማስተካከያው ማጥፋትም ጥሩ ነው፤ ይህ ግን ከዚያ በኋላ ለሚነሡት ብቻ እንጂ ለቀድሞዎቹ አይሠራም። በፎቶ አልበም መተግበሪያ ውስጥ «ቦታ አስወግድ» የሚል ቁልፍ ቢያገኙ አይመኑት። አንዳንዱ የሚያርመው የራሱን ዝርዝር ብቻ ነው፤ ፋይሉን አይነካም።

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በቀኝ ተጭነው Properties፣ ከዚያ Details፣ ከዚያ ከታች Remove Properties and Personal Information የሚለውን ይምረጡ፤ ንጹሕ ቅጂ እንዲሠራ የሚጠይቀውን አማራጭ ይውሰዱ። ለጥድፊያ ይበቃል፤ ሁሉንም ላያነሣ ስለሚችል ግን ውጤቱን መመርመር ያስፈልጋል። እኔ የምጠቀመው ይህን ነው፦

```
exiftool -all= -tagsfromfile @ -Orientation -ColorSpaceTags foto.jpg
```

ትእዛዙ መጀመሪያ መዝገቡን በሙሉ ያጠፋል፤ ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ይመልሳል። የመጀመሪያው የፎቶው አቀማመጥ ነው። ስልክ ቁመቱን ይዞ የተነሣ ፎቶ ብዙ ጊዜ በፋይሉ ውስጥ በጎኑ ተኝቶ ይቀመጣል፤ «ሲታይ አዙረው» የሚለው ትእዛዝ ያለው በኤክዚፍ ውስጥ ነው። ሁሉንም ካጠፉ ልጆቹ በጎናቸው ተኝተው ይታያሉ፤ ሥዕሉም እንዲሁ ጋደም ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው የቀለም መግለጫው ነው፤ ያለ እርሱ ቀለሞቹ ሊደበዝዙ ይችላሉ። ጂፒኤሱን ብቻ ነቅሎ ሌላውን መተውስ? አልመክርም። ቦታው በሌላ የመዝገብ ዓይነት ውስጥ በድጋሚ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ከዚያም በላይ በኤክዚፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ የፎቶው ቅጂ አለች። ፎቶውን ቆርጠው አንድ ሰው ወይም የቤት ቁጥር ያወጡ እንደሆነ፣ የቆረጡበት ፕሮግራም ትንሿን ቅጂ ካላደሰ ያወጡት ነገር በእርሷ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ፕሮግራሙ አሮጌውን ፋይል መጨረሻው ላይ _original የሚል ጨምሮ አጠገቡ ያስቀምጠዋል፤ ሲጭኑ በስሕተት እርሱን እንዳይመርጡ። ከዚያ የመጀመሪያውን ትእዛዝ በድጋሚ በንጹሑ ፋይል ላይ ያስኪዱ። አንድም መስመር ካልወጣ ቦታው ጠፍቷል። መሣሪያው ምንም ይሁን ምን፣ ይህን ማረጋገጫ አይዝለሉ።

ፕሮግራም መጫን ለማይመቸው ሰው ደግሞ አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ ፎቶውን በስልኩ ላይ ሞልቶ አሳይቶ የማያ ገጹን ምስል ማንሣት። አዲሱ ምስል የጂፒኤስ መዝገብ አይኖረውም። ጥራቱ በማያ ገጹ መጠን ይወሰናል፤ ፎቶውን ለሚያሳንሱ የሥዕል አገልግሎቶች ግን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፈጽሞ እንዳይሞክሩት የምለምንዎት፣ የቦታ መረጃ እናጠፋለን ብለው ፎቶውን እንዲጭኑላቸው የሚጠይቁ ድረ ገጾችን ነው። ሊሸሽጉት የፈለጉትን መረጃ ለሌላ ለማያውቁት ሰርቨር ሙሉውን ማስረከብ ነውና።

ማጽዳቱ የማይሸፍነውንም ልንገርዎት። የፋይሉ ስም ብዙ ጊዜ ቀንና ሰዓት ይይዛል፤ IMG_20240518_173015.jpg የሚለው ስም ፎቶው ግንቦት 18 ቀን 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንደተነሣ በግልጽ ይናገራል። ስሙን ይለውጡ። ድረ ገጹ የኢንተርኔት አድራሻዎን ስለሚያይ ያሉበትን አገርና ብዙ ጊዜም ከተማ በግምት ያውቃል፤ ከኤክዚፍ ጋር ሲነጻጸር ግን ይህ ቤትዎን አያሳይም። በምስሉ ላይ የሚታየው ነገር ደግሞ ምንም ዓይነት መዝገብ ማጥፋት አይነካውም፦ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ከመስኮቱ ማዶ የሚታይ ሕንጻ፣ ከሁሉም በላይ የልጆቹ ፊት። ቦታው የጠፋለት ፎቶ ቦታው ብቻ ነው የጠፋለት።

አስቀድሞ ስለተጫነው ፎቶ አሁን ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው። ድረ ገጹ ላይ መለያ ከፍተው ከነበረ መጀመሪያ ከታሪክ ዝርዝሩ ውስጥ ፎቶውንም ሥዕሉንም ያጥፉ፤ መለያውን ገና አይዝጉ፣ ከዘጉት የእርስዎ መሆኑን ማሳየት ይከብድዎታል። ከዚያ በግላዊነት ፖሊሲው ላይ በተጻፈው አድራሻ ደብዳቤ ይላኩ። የጫኑበትን ቀንና ሰዓት፣ የፋይሉን ስም፣ የውጤቱንም አድራሻ ይጥቀሱ። ጥያቄውን «መረጃዬን አጥፉ» ብለው አጠቃላይ አያድርጉት፤ የተጫነው ዋና ፋይል፣ ከእርሱ የተሠሩት ቅጂዎችና በሥራ ተቋራጮች ዘንድ ያሉት ጭምር እንዲጠፉ፣ በመጠባበቂያ ቅጂዎች ውስጥ ያለው መቼ እንደሚያልፍበትና ፎቶው ለሞዴል ሥልጠና ውሎ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጹ ይጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ የሚገዛ አገልግሎት ከሆነ አንቀጽ 17ን ይጥቀሱ፤ እንደ ደንቡ በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ጊዜው በሁለት ወር ሊራዘም ይችላል። መልሱ ከደረሰዎት በኋላ የሥዕሉን የማውረጃ አድራሻ ከመለያዎ በወጣ ብራውዘር ከፍተው ይሞክሩ። አሁንም የሚከፍት ከሆነ ቢያንስ ሥዕሉ አልጠፋምና ያንኑ ማስረጃ አያይዘው በድጋሚ ይጻፉ።